ሠንጠረዡና የትንተናው ውጤት አልገጥም ሲሉ ለተባባሪ ጸሐፊዬ የጻፍኩት ኢሜይል

ገምጋሚው የጠየቀን አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። «ሠንጠረዥ 1 ላይ 412 ታካሚዎች አሉ። ሠንጠረዥ 3 ላይ ያለው ሞዴል ግን በስንት ሰው ላይ እንደተሠራ አልተጻፈም» ይላል። ጥናታችን የደም ግፊት ታካሚዎች የክትትል ቀጠሯቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ የሚመለከት ነው። ትንተናውን የሠሩት ተባባሪ ጸሐፊዬ ናቸው፤ ጽሑፉን ያረቀቅኩትና ሠንጠረዦቹን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ መልስ መስሎኝ በጋራ ፎልደራችን ውስጥ ያለውን፣ ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የተጻፈውን ኮድ ከፍቼ አስኬድኩት። `Number of obs = 389` የሚል መጣ።

ቁጥሩን ልጽፍ ስል ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ታካሚዎች ኦድስ ሬሾ፣ ማለትም ቀጠሮ የማቋረጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር፣ በረቂቃችን ላይ 1.92 ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን 1.74 ይላል። የጾታው ረድፍ ጭራሽ የተገለበጠ ይመስላል፤ እኛ ዘንድ 0.62፣ እዚያ 1.63። ከከተማ ውጭ መኖር የሚለው ረድፍ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። በረቂቃችን 1.55 ሆኖ የመተማመኛ ወሰኑ ከ1.01 እስከ 2.38 ነበር፤ አዲሱ ውጤት 1.49 ሆኖ ወሰኑ ከ0.96 እስከ 2.31 ነው። ወሰኑ 1ን አቋርጧል፤ ልዩነት የለም የሚለውን ማስቀረት አይቻልም ማለት ነው። ይህ ግኝት ደግሞ በአብስትራክታችን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ላይ የተቀመጠ ነው።

በዚያው ድንጋጤ ለተባባሪ ጸሐፊዬ ኢሜይል ላክሁ። «ዶክተር፣ ሠንጠረዦቹ ከውጤቱ ጋር አልገጠሙልኝም፤ እባክዎ ቢያዩት» ከሚል ያለፈ ነገር አልነበረበትም። እሳቸውም በማግስቱ «ይኸው የመጨረሻው» ብለው ሌላ የሠንጠረዥ ፋይል ላኩልኝ። አሁን በእጄ ሦስት የማይገጣጠሙ ሠንጠረዦች ሆኑ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ የትኛው ቁጥር፣ ከየትኛው ፋይል፣ ከምን ጋር እንዳልገጠመ አልነገርኳቸውምና ሊመልሱልኝ የሚችሉት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሌላ ኢሜይል ከመጻፌ በፊት የእያንዳንዱን ልዩነት ምንጭ ራሴ ልፈልግ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የረቂቁ ሠንጠረዥ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነበረብኝ። ረቂቁን ስጽፍ የተላከልኝ፣ የኮዱን ውጤት የያዘው የሎግ ፋይል ኢሜይሌ ውስጥ ነበር። ከፈትኩት፤ ዕድሜው 1.92፣ መኖሪያው 1.55 ነው። እኛ የጻፍነው እሱን ነው። የሰው ብዛቱ ደግሞ 398 ይላል። ስለዚህ ረቂቁ ከአሮጌ ውጤት የተቀዳ ነው፤ በፎልደሩ ያለው ኮድ ከዚያ በኋላ ተቀይሯል። 398 ሲቀነስ 389፣ ልዩነቱ 9 ሰው ነው።

ይህ 9 ነው መንገዱን ያሳየኝ። ልዩነት ስትፈልጉ ኦድስ ሬሾውን ትታችሁ ከሰው ብዛት ጀምሩ። ኦድስ ሬሾ በብዙ ምክንያት ሊለወጥ ይችላል፤ የሰው ብዛት ግን የሚለወጠው ሰው ሲገባ ወይም ሲወጣ ብቻ ነው፣ የገባውና የወጣውም አንድ በአንድ ሊቆጠር ይችላል። በየትኛው መረጃ ላይ 9 ሰው ሊጎድል እንደሚችል በየተራ ጠየቅሁ፤

```
count if missing(age)
```

መልሱ 9 ሆነ። የትምህርት ደረጃ ላይ 14 ጎድሏል፤ ሁለቱም የጎደለበት ሰው የለም። 412 ሲቀነስ 9 ሲቀነስ 14፣ 389። አዲሱ ውጤት ሒሳቡ ልክ ነው። አሮጌው 398 ደግሞ 412 ሲቀነስ 14 ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌው ትንተና ዕድሜያቸው የማይታወቅ 9 ሰዎችን የሆነ የዕድሜ ምድብ ሰጥቷቸው ነበር ማለት ነው። የትኛውን?

ሁለቱን የኮድ ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቼ መስመር በመስመር አነጻጸርኳቸው። አሮጌው እንዲህ ይላል፤

```
gen age60 = age >= 60
```

አዲሱ ደግሞ፤

```
gen age60 = age >= 60 if !missing(age)
```

ስታታ የጎደለን ቁጥር ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ዕድሜው ያልተጻፈ ሰው «60 ወይም ከዚያ በላይ ነው ወይ?» ሲባል መልሱ «አዎ» ይሆንና አረጋውያን ምድብ ውስጥ ይገባል። የስህተት መልእክት አይመጣም። አር (R) በተባለው ሶፍትዌር ላይ ብትሠሩት እንዲህ ያለ ንጽጽር ራሱ የጎደለ ሆኖ ስለሚወጣ ችግሩ በዚህ መልክ አይፈጠርም፤ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ሳያስተውለው ቢያልፍ የሚገርም አይደለም። በሠንጠረዥ 1 ላይም አሻራው አለ፤ 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑት 127 ሰዎች፣ ከ412ቱ 30.8 በመቶ ብለን ጽፈናል። ትክክለኛው ዕድሜያቸው ከታወቀ 403 ሰዎች 118ቱ፣ 29.3 በመቶ ነው። 127 ሲቀነስ 118፣ እንደገና 9።

የጾታው ረድፍ ግን ስህተት አልነበረም። በአዲሱ ኮድ ማመሳከሪያው፣ ማለትም ሌላው የሚነጻጸርበት ምድብ፣ ከወንድ ወደ ሴት ተቀይሯል። 1ን ለ1.63 ብታካፍሉት 0.61 ይመጣል፤ ከ0.62 ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፣ ትንሿ ልዩነትም የ9ኙ ሰዎች ናት። ኦድስ ሬሾ ከ1 በላይና በታች ተገልብጦ ካያችሁት መጀመሪያ ይህን ማካፈል ሞክሩ። የወሰኑም ሁለት ጫፎች ቦታ ተለዋውጠው ተገልብጠው ከተገኙ የተለወጠው ማመሳከሪያው ብቻ ነው።

አንድ ረድፍ ግን ከአሮጌውም ከአዲሱም ጋር አልገጥም አለኝ። ሌላ ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ታካሚዎች በረቂቁ ላይ 2.41 (ከ1.35 እስከ 3.40) ተጽፏል። አሮጌው ሎግ 2.14 ይላል፣ ወሰኑ ግን ራሱ ነው። ቁጥሩን ወደ ወርድ ስቀዳ 1 እና 4ን አቀያይሬያለሁ። ሎጉን ባላገኘው እንኳ ሠንጠረዡ ራሱ ያጋልጠኝ ነበር። በሎጂስቲክ ሞዴል የተለመደው ወሰን በሎጋሪዝም ልክ ከኦድስ ሬሾው ግራና ቀኝ እኩል ስለሚርቅ፣ የሁለቱ ጫፎች ብዜት ስኩዌር ሩት ኦድስ ሬሾውን መስጠት አለበት፤

```
sqrt(1.35 * 3.40) = 2.14
```

በማጠጋጋት ምክንያት በመጨረሻዋ አሃዝ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ 2.41 ግን በማጠጋጋት አይመጣም። ከዚያ ወዲህ የማነበውን ሠንጠረዥ ሁሉ በዚህ እፈትሻለሁ፤ ኮዱም ዳታውም አያስፈልግም።

አሁን የሚጻፍ ነገር ነበረኝ። ሆኖም እጄ ከበደኝ። እሳቸው መምህሬ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ስታታን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። የመጀመሪያው ሙከራ በይቅርታ ተሞልቶ ቁምነገሩ አራተኛው አንቀጽ ላይ ነበር የሚጀምረው። ሁለተኛው «ኮድዎ ላይ ስህተት ተገኝቷል» ብሎ ይጀምራል። እውነቱ ግን ያ አይደለም፤ እሳቸው ስህተቱን ራሳቸው አግኝተው አርመውታል፣ ሠንጠረዡ ነው ተከትሎ ያልታረመው። የላክሁት ይህን ነው፤

> ርዕስ፦ የሠንጠረዥ 1 እና 3 ልዩነቶች፣ ምንጫቸውና የእርማት ሐሳብ (እስከ ሐሙስ መልስዎን እፈልጋለሁ)
>
> ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ።
>
> ባለፈው የላክሁልዎ መልእክት ግልጽ ስላልነበር ይቅርታ። ለገምጋሚው የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ ስፈልግ በፎልደራችን ያለውን ኮድ አስኬጄ ከረቂቁ ጋር አመሳከርኩ። አራት ረድፎችና የሰው ብዛቱ አይገጥሙም። ምንጫቸውን አግኝቻለሁ ብዬ አምናለሁ፤ እርስዎ እንዲያረጋግጡልኝ እፈልጋለሁ።
>
> አንደኛ፣ ተጓዳኝ ሕመም። ረቂቁ 2.41 ይላል፤ ሎጉ 2.14 ነው። ስቀዳ አሃዝ ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። በአዲሱ ውጤት 2.11 (ከ1.32 እስከ 3.37) ሆኗል።
>
> ሁለተኛ፣ ዕድሜ። ረቂቁ 1.92 (ከ1.18 እስከ 3.12)፣ አዲሱ ውጤት 1.74 (ከ1.06 እስከ 2.86)። ረቂቁ የተቀዳው በመጀመሪያው ኮድ ከወጣው ሎግ ሲሆን፣ እዚያ ዕድሜያቸው ያልተመዘገበ 9 ሰዎች 60 እና በላይ ተብለው ተቆጥረዋል። እርስዎ በኋላ መስመሩን አርመውታል፤ ሠንጠረዡ ግን አልታደሰም። ሠንጠረዥ 1 ላይ ያለው 127 (30.8 በመቶ) በዚሁ ምክንያት 118 (29.3 በመቶ) መሆን አለበት፤ ማካፈያውም 403 ነው።
>
> ሦስተኛ፣ መኖሪያ። ረቂቁ 1.55 (ከ1.01 እስከ 2.38)፣ አዲሱ 1.49 (ከ0.96 እስከ 2.31)። ምንጩ ያው ነው። አብስትራክቱን የሚነካው ይህ ስለሆነ ከታች ለብቻው ጽፌዋለሁ።
>
> አራተኛ፣ ጾታ። ማመሳከሪያው ስለተቀየረ ነው እንጂ ስህተት የለም። ጽሑፉ በሙሉ ሴቶችን ከወንዶች ጋር እያነጻጸረ ስለተጻፈ፣ ማመሳከሪያው ወንድ ሆኖ ቢቀጥል ይሻላል እላለሁ።
>
> የሰው ብዛት፦ ሠንጠረዥ 3 የተሠራው በ389 ሰው ነው። የጎደሉት 23 ሰዎች 9ኙ በዕድሜ፣ 14ቱ በትምህርት ደረጃ ምክንያት ነው።
>
> የማቀርበው ሐሳብ፦ ሁሉንም ሠንጠረዦች ከአንድ ዳታና ከአንድ ኮድ እንደ አዲስ እናውጣ፤ ልዩነት የታየባቸውን ረድፎች ብቻ አንለጥፍ። ከዛሬ ጀምሮ ዳታውን ማንም እንዳይነካው እንቆልፈው፣ ኮዱም ቀን ይጻፍበት። ሠንጠረዦቹን እኔ አወጣለሁ፤ እርስዎ ደግሞ የእኔን ሠንጠረዥ ሳያዩ ኮዱን በራስዎ ኮምፒውተር አስኬደው ሎጉን ይላኩልኝ። ከዚያ አንዳችን ጮክ ብለን እያነበብን ሌላችን ሠንጠረዡን እንከተል።
>
> ስለ መኖሪያ፦ ግኝቱን ከአብስትራክት እናውጣው፤ በውጤት ክፍል ከነወሰኑ እንዳለ ይቀመጥ። የጎደለውን ዳታ በመልቲፕል ኢምፑቴሽን መሙላት ይቻላል፤ ነገር ግን ውጤቱን ካየን በኋላ ዋናውን ትንተና ብንቀይር፣ 1ን የማይነካ ወሰን እስኪመጣ የፈለግን ይሆናል። ፕሮቶኮላችን የሚለው መረጃቸው በተሟላ ሰዎች ላይ ይሠራል ነው፤ ዋናው እሱ ሆኖ ይቀጥልና ኢምፑቴሽኑ በተጨማሪ ማረጋገጫነት ይቅረብ፤ ምንም ይምጣ ምን።
>
> ለአርታኢውም ገምጋሚው ያልጠየቀውን እርማት ጭምር በመልስ ደብዳቤያችን እንግለጽ። ሦስተኛው ተባባሪ ጸሐፊያችንም ከመላኩ በፊት ሊያውቁት ስለሚገባ፣ እርስዎ ካዩት በኋላ ለእሳቸው አስተላልፋለሁ።
>
> ሁለቱን ሎጎችና ሁለቱን የኮድ ፋይሎች አያይዣለሁ። ያልተረዳሁት ነገር ካለ ያርሙኝ።

ስለ አንዳንዱ ምርጫዬ ላስረዳ። የራሴን ስህተት ያስቀደምኩት ለትሕትና ብቻ አይደለም፤ ኮድ ማየት የማያስፈልገው፣ በአንድ ዓይን የሚረጋገጥ ልዩነት እሱ ስለሆነ ነው። አንባቢው የመጀመሪያውን ነጥብ በአንድ ደቂቃ አረጋግጦ እውነት ሆኖ ካገኘው የቀጣዩን ረዘም ያለ ማብራሪያ በእምነት ያነበዋል። የሁሉንም ረድፍ ሁለቱንም ቁጥሮች መጻፌም እንዲሁ፤ «የዕድሜው ረድፍ» ብዬ ብተው ፋይል ፍለጋ ይገቡና እንደገና ሌላ ሠንጠረዥ ይላክልኛል ብዬ ነው። ቀን ማስቀመጤ ትንሽ አሳፍሮኝ ነበር፣ ለሚያከብሩት ሰው ቀነ ገደብ መስጠት ይከብዳል፤ ግን የመጽሔቱ ቀን እየሮጠ ነበር።

አንድ ላይ እናውጣው ያልኩት ደግሞ ልምድ ስላስተማረኝ ነው። ረድፍ በረድፍ ሲለጠፍ ዕድሜው ከ389ኙ፣ ጾታው ከ398ቱ ይሆንና አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለት ሞዴሎች ይቀላቀላሉ። ያ ደግሞ እያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻው የሆነ ሎግ ላይ ስለሚገኝ ለመያዝ ከሁሉም የከፋ ነው።

መልሱ በዚያው ምሽት መጣ። «ልጄ፣ ጥሩ አይተሻል። መስመሩን ያረምኩት ለሌላ ሥራ ኮዱን ስጠቀምበት ነው፤ ለአንቺ መንገር ነበረብኝ» ይላል። በሁሉም ተስማሙ፤ አንድ ነገር ግን ጨመሩ፣ እኔ ያላሰብኩትን። «ወደ ኢምፑቴሽን ከመሄድሽ በፊት የወረቀት መጠይቁን አውጪ። ዕድሜ ያልተጠየቀ ነው ወይስ ሲገባ የተዘለለ? ግን የዕድሜውን ብቻ እንዳታወጪ፤ 23ቱንም አውጪ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከባድ ናት። ውጤታችንን የሚጎትቱትን 9 ወረቀቶች ብቻ ፈልገን ሌሎቹን ብንተው፣ ዳታውን ለፈለግነው ግኝት ስንል እያጸዳን ነው። ስለዚህ 23ቱንም መጠይቆች ከሣጥን አወጣሁ። የትምህርት ደረጃ የጎደለባቸው 14ቱ ወረቀቱም ላይ ባዶ ናቸው። ዕድሜ ከጎደለባቸው ከ9ኙ ግን ስድስቱ ላይ ዕድሜው በግልጽ ተጽፏል፤ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ነው የተዘለለው። ከስድስቱ ሁለቱ 60 እና ከዚያ በላይ ናቸው። በዳታው ላይ በእጅ አልጻፍኩባቸውም፤ የመጠይቁን ቁጥርና ዕድሜውን እየጠቀሰ በኮድ የሚተካ ስድስት መስመር ጽፌ ከጎኑ «ከወረቀት የተወሰደ» የሚል ማስታወሻ አኖርኩ። ዋናው ፋይል ሳይነካ ቀረ።

ከዚያ ዳታው ተቆለፈ። የመጨረሻው ሞዴል 395 ሰው ይዟል። 60 እና በላይ የሆኑት ከ409ኙ 120፣ አሁንም 29.3 በመቶ ናቸው። የዕድሜው ኦድስ ሬሾ 1.77 (ከ1.08 እስከ 2.90)፤ የመኖሪያው 1.51 (ከ0.98 እስከ 2.33)። ኢምፑቴሽኑም ከዚህ የራቀ ነገር አላመጣም። የመኖሪያው ዓረፍተ ነገር ከአብስትራክቱ ወጣ።

ሠንጠረዦቹን በስልክ አመሳከርናቸው። እሳቸው ከራሳቸው ሎግ ያነባሉ፣ እኔ በእርሳስ እየተከተልኩ ምልክት አደርጋለሁ። ሠንጠረዥ 2 ላይ አንድ በመቶኛ ከ44.3 ይልቅ 44.8 ሆኖ አገኘን፤ ከአሮጌው ረቂቅ የተረፈ ነበር። ሠንጠረዡ ካለቀ በኋላ ወደ ጽሑፉ ገባን፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁጥር ቢያንስ ሁለት ቦታ ይኖራል። በፍለጋ ሳጥኑ «1.92» ብዬ ስጽፍ በውጤት፣ በማብራሪያና በአብስትራክት ሦስት ቦታ ተገኘ። «127»ን ስፈልግ ደግሞ በሥዕሉ ግርጌ ማስታወሻ ላይ አንድ ወጣ፤ እሱን በዓይን አናገኘውም ነበር።

ለገምጋሚው የሰው ብዛቱን ጥያቄ ስንመልስ፣ ለምልከታ ጥናቶች የተዘጋጀው የስትሮብ መመሪያ እንደሚጠይቀው በየተለዋዋጩ ስንት ሰው መረጃው እንደጎደለ የሚያሳይ አንድ መስመር ሠንጠረዥ 1 ግርጌ ላይ ጨመርን። ለአርታኢው ደግሞ ለብቻው አንቀጽ ጻፍን፤ ጥያቄውን ስንመረምር የዕድሜ ምድቡ ሲመደብ መረጃ የጎደላቸው 9 ሰዎች በስህተት እንደተካተቱ፣ ስድስቱ ከመጠይቁ እንደተሟሉ፣ የትኞቹ ቁጥሮች ከስንት ወደ ስንት እንደተለወጡ፣ አንድ ግኝትም ከአብስትራክት እንደወጣ። አንቀጹን ያረቀቅኩት እኔ ነበርኩ፤ «ጥቃቅን እርማቶች» የሚል ቃል ነበረበት። ተባባሪ ጸሐፊዬ «ጥቃቅን» የምትለውን ሰርዘው መለሱልኝ፣ እንደዚያው ላክነው።